«ለቲትሬሽን ይሆናል» ተብሎ የሚሸጠውን የውሃ መለኪያ ብዕር ሳትፈትሹ አትግዙ

አዳማ ውስጥ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ የምትገዙ መምህራንና ቴክኒሻኖች፣ ልብ በሉ። የተጣራ የመጠጥ ውሃ ለመፈተሽ የተሠራው ትንሹ ብዕር «ኮንዳክቲቪቲ ሜትር» እየተባለ ይቀርብላችኋል። ሻጩ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቁጥር ያሳያል። ያ ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ጣሪያው ነው። ከእነዚህ ብዕሮች መካከል ከ1999 µS/cm በላይ የማያነቡ አሉ።

100 ሚሊ ሊትር፣ 0.01 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቲትሬት ታደርጋላችሁ እንበል። በ25 ዲግሪ ንባቡ ከ4100 አካባቢ ይነሳል። ቤዙ ሲገባ በጣም ፈጣኑ የሃይድሮጅን አዮን ይጠፋና ዘገምተኛው ሶዲየም ይተካዋል፤ ስለዚህ ንባቡ በየሚሊ ሊትሩ በአማካይ 300 ያህል እየወረደ 10 ሚሊ ሊትር ላይ 1100 ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ትርፍ ሃይድሮክሳይድ ስለሚጠራቀም ይወጣል። አወጣጡ ግን ከአወራረዱ ይዘገያል፣ በየሚሊ ሊትሩ 200 ቢሆን ነው፤ ሃይድሮክሳይድ ፈጣን ቢሆንም ሃይድሮጅንን አይደርስበትም። ማብቂያ ነጥቡ ሁለቱ መስመሮች የሚቋረጡበት ነው።

በዚያ ብዕር ግን የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 7 ሚሊ ሊትሮች አይታዩም። የሚወርደውን መስመር ለማስመር የሚቀሩላችሁ ሦስት ወይም አራት ነጥቦች ናቸው፣ እነሱም መታጠፊያው አጠገብ። ሻጩ «አሲዱን አቅጥኑት» ይላል። አልዋሸም፣ 0.001 ሞላር ቢሆን ንባቡ ከ420 ገደማ ስለሚጀምር ብዕሩ ያነበዋል። ነገር ግን በዚህ ቅጥነት ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቤዙ ጋር ሲነጻጸር ቀላል አይሆንም፤ የመስመሩ ታች ይጎብጣል፣ ሹል መሆኑ ይቀራል።

ሌላው ወጥመድ የካሊብሬሽን ሰርተፊኬት ተብሎ የሚጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ ነው። ለቲትሬሽን ብቻ ከሆነ አትክፈሉ። መሣሪያው ሁሉንም ነጥብ በእኩል 5 በመቶ ቢያበዛ መስመሮቹ የሚቋረጡበት ሚሊ ሊትር አይንቀሳቀስም። የሚያስፈልጋችሁ ከታች እስከ ላይ ሳይጎብጥ የሚያነብ ነው።

በተቃራኒው፣ በኮምጣጤ አሲድ ሞክራችሁ ንባቡ ካልወረደ ደህናውን መሣሪያ «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትመልሱ። ደካማ አሲድ ከመነሻው ጥቂት ሃይድሮጅን ስላለው ንባቡ ከዝቅተኛ ተነስቶ፣ አሴቴትና ሶዲየም ሲበዙ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከማብቂያው በኋላ ደግሞ ሽቅብ ይሄዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት 0.01 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በትንሽ ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ። 4100 አካባቢ ማንበብ አለበት። እኩል የተጣራ ውሃ ጨምሩበት፤ ከ2000 ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ሳይሆን ሰረዝ ወይም ባዶ «1» ከመጣ፣ ብዕሩን አጥባችሁ መልሱለት።