አራት ግንበኞች፣ አራት ሣይቶች፦ ለሠራተኛ ምደባ ወረቀት፣ ኤክሴል ወይስ ፓይተን?

በደብረ ብርሃን የሚሠራ አንድ አነስተኛ የግንባታ ተቋራጭ በሸኖ፣ በደብረ ሲና፣ በአንኮበርና በመሐል ሜዳ አራት ሥራዎችን በአንድ ጊዜ ያዘ እንበል። አራት ግንበኞች አሉት፤ እያንዳንዱ ግንበኛ ወደ አንድ ሣይት ብቻ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ሣይትም አንድ ግንበኛ ብቻ ይበቃዋል። የእጅ ዋጋ፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ተደምሮ እንደ ሰዉና እንደ ቦታው ይለያያል። ደብረ ሲና ዘመድ ያለው ሰው የማደሪያ አይጠይቅም፤ የመንዝን ብርድ የማይወድ ደግሞ መሐል ሜዳ ሲባል ዋጋውን ይሰቅላል። ግንበኞቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን ብንጠራቸው፣ ወጪያቸው በሺህ ብር የሚከተለው ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተዘጋጁ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

| ግንበኛ | ሸኖ | ደብረ ሲና | አንኮበር | መሐል ሜዳ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 11 | 11 | 15 | 20 |
| ለ | 12 | 14 | 17 | 24 |
| ሐ | 12 | 10 | 16 | 16 |
| መ | 17 | 13 | 14 | 17 |

ጠቅላላ ወጪው ከሁሉ የሚያንሰው ማን የት ሲሄድ ነው? ይህ በስሌት ትምህርት የምደባ ችግር የሚባለው ነው። ብዙዎቻችን የምንሄድበት መንገድ ርካሹን እያዩ መመደብ ሲሆን፣ ምንም ስለማያስከፍል ንጽጽሩ ከእሱ መጀመር አለበት። ከሰንጠረዡ ትንሹ ቁጥር 10 ስለሆነ ሐ ወደ ደብረ ሲና ይሄዳል። ከቀሩት ትንሹ 11 ነውና ሀ ሸኖን ይይዛል፤ ቀጥሎ መ አንኮበርን በ14 ይወስዳል። ለ ምርጫ ስለማይቀርለት በ24 መሐል ሜዳ ይወጣል፤ ድምሩ 59 ሺህ ብር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ውሳኔዎች እያንዳንዳቸው ሲታዩ ትክክል ይመስላሉ፤ ዕዳው የሚከማቸው በመጨረሻው ሰው ላይ ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ በዚሁ ሰንጠረዥ 53 ሺህ የሚፈጅ ምደባ አለ። ስለዚህ ነጻ የሚመስለው ዘዴ በአንድ ዙር 6 ሺህ ብር አስከፍሏል።

ሁሉንም አማራጭ መቁጠርስ? ለአራት ሰው 24 ምደባዎች ብቻ ስላሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ሰዎቹ አሥር ሲሆኑ ግን ምደባዎቹ 3,628,800 ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ይህን መንገድ እንተወው።

የወረቀቱ ዘዴ የሃንጋሪ ዘዴ ይባላል። አሜሪካዊው ሃሮልድ ኩን በ1955 እ.ኤ.አ. ሲያሳትመው፣ መሠረቱን የጣሉት ሁለቱ የሃንጋሪ ሊቃውንት ኬኒግና ኤገርቫሪ ስለሆኑ ስሙን በእነሱ አገር ሰየመው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከአንድ ግንበኛ ረድፍ ላይ ሁሉ እኩል መጠን ብንቀንስ፣ ያ ግንበኛ የትም ቢሄድ ቅናሹ አብሮት ስለሚሄድ የተሻለው ምደባ አይለወጥም። ስለዚህ ዜሮዎች እስኪበዙ እንቀንሳለን፤ ከዚያም ሁሉም በዜሮ የሚመደቡበትን እንፈልጋለን።

በመጀመሪያ ከየረድፉ ትንሹን ቁጥር፣ ማለትም 11፣ 12፣ 10 እና 13 እንቀንሳለን። ቀጥሎ ከየዓምዱ ትንሹን እንቀንሳለን፤ ሸኖና ደብረ ሲና ዜሮ ስላላቸው ምንም አይነኩም፣ ከአንኮበር 1፣ ከመሐል ሜዳ 4 ይቀነሳል። የሚቀረው ይህ ነው።

| ግንበኛ | ሸኖ | ደብረ ሲና | አንኮበር | መሐል ሜዳ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 0 | 0 | 3 | 5 |
| ለ | 0 | 2 | 4 | 8 |
| ሐ | 2 | 0 | 5 | 2 |
| መ | 4 | 0 | 0 | 0 |

አሁን ዜሮዎቹን ሁሉ በተቻለ መጠን በጥቂት መስመሮች መሸፈን ያስፈልጋል። የሸኖን ዓምድ፣ የደብረ ሲናን ዓምድና የግንበኛ መ ረድፍ ብናሰምር ዜሮ አይተርፍም። ሦስት መስመር ከበቃ፣ አራቱን ሰዎች በአራት የተለያዩ ዜሮዎች መመደብ ገና አይቻልም ማለት ነው፤ እውነትም ሀ፣ ለ እና ሐ ለሁለት ሣይቶች እየተሻሙ ነው። ስለዚህ መስመር ካልነካቸው ቁጥሮች ትንሹን፣ እዚህ ላይ በሐ እና በመሐል ሜዳ መገናኛ ያለውን 2 እንወስዳለን፤ መስመር ካልነካቸው ሁሉ እንቀንሰዋለን፣ ሁለት መስመሮች በተሻገሩባቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ እንጨምረዋለን። አንድ መስመር ብቻ የነካቸው ባሉበት ይቆያሉ።

| ግንበኛ | ሸኖ | ደብረ ሲና | አንኮበር | መሐል ሜዳ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ | 0 | 0 | 1 | 3 |
| ለ | 0 | 2 | 2 | 6 |
| ሐ | 2 | 0 | 3 | 0 |
| መ | 6 | 2 | 0 | 0 |

ለ ያለው ዜሮ አንድ ብቻ ስለሆነ ሸኖን ይይዛል። ሀ ሸኖ ስለተያዘበት ደብረ ሲና ይሄዳል፤ ሐ መሐል ሜዳ፣ መ አንኮበር ይመደባሉ። ወደ መጀመሪያው ሰንጠረዥ ተመልሰን ስንደምር 12፣ 11፣ 16 እና 14 በአንድ ላይ 53 ይሆናሉ። በደብረ ሲና ከሁሉ ርካሽ የነበረው ሐ ወደ ሩቁ መሐል ሜዳ መላኩ መጀመሪያ ላይ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ሐ ከደብረ ሲና ወደ መሐል ሜዳ ሲዛወር የሚጨምረው 6 ብቻ ሲሆን፣ ለ ከሸኖ ወደዚያ ቢዛወር 12 ይጨምራል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም መልሱን ራሱ የሚያረጋግጥ መሆኑ ነው። የተቀነሱትን ሁሉ ደምሩ፦ ከረድፎች 46፣ ከዓምዶች 5፣ ከማስተካከያው ደግሞ 2 ማባዛት ከአራት ላይ የጎደሉት መስመሮች ብዛት፣ ማለትም 2። ድምሩ 53 ነው፤ ከምደባው ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ ከዚያ የሚያንስ የለም። ልዩነት ከመጣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ስሕተቱ መስመሮች በተሻገሩበት ቦታ መጨመርን መርሳት ነው። በዚህ ሰንጠረዥ ያንን ብትረሱ መልሱ እንዳጋጣሚ አይለወጥም፤ በትልቅ ሰንጠረዥ ግን ሐሰተኛ ዜሮ ይፈጥራል። በእኔ ግምት ወረቀት እስከ ስድስት ሰው ድረስ ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ እጅ ሳይሆን ዓይን ይደክማል።

ሁለተኛው አማራጭ ኤክሴል ነው። ፕሮግራሙ የሚከፈልበት ሲሆን፣ የሚያስፈልገው Solver የተባለው ተጨማሪ መሣሪያ አብሮት ቢመጣም መጀመሪያ መከፈት አለበት፤ በስልክ በሚሠራው ኤክሴል ላይ ግን የለም። ለዚህ ሥራ ብቻ ብላችሁ እንዳትገዙት እመክራለሁ፤ ነጻ የሆነው ሊብረኦፊስም የራሱ Solver አለው። ወጪዎቹን ከ`B2` እስከ `E5` ካስገባችሁ በኋላ፣ ከ`B8` እስከ `E11` ያለው ባዶ ቦታ ለውሳኔው ይቀመጣል፤ 1 ማለት ይሄዳል፣ 0 ማለት አይሄድም ነው። ጠቅላላ ወጪው በዚህ ቀመር ይገኛል።

```
=SUMPRODUCT(B2:E5,B8:E11)
```

ይህ ወጪ ከሁሉ እንዲያንስ፣ በውሳኔው ቦታ የየረድፉና የየዓምዱ ድምር 1 እንዲሆን፣ ቁጥሮቹም ከዜሮ እንዳያንሱ አዝዛችሁ፣ ከኤክሴል ዘዴዎች `Simplex LP` የሚለውን ትመርጣላችሁ። ግማሽ ሰው ይመደብ ይሆን ብላችሁ አትስጉ፤ የዚህ ችግር ቅርጽ ራሱ በዚህ ዘዴ ሙሉ ቁጥር ያወጣል።

እዚህ የሚፈጠሩት ስሕተቶች ከወረቀቱ የተለዩ ናቸው። የዓምዶቹን ግዴታ ብትረሱ ፕሮግራሙ ሳያጉረመርም 46 የሚል መልስ ይሰጣል፤ ሰንጠረዡን ስታዩ ሐ እና መ ሁለቱም ደብረ ሲና ናቸው፣ አንኮበርና መሐል ሜዳ ግን ሰው የላቸውም። ሌላው ይበልጥ ተንኮለኛ ነው፦ አንድ ግንበኛ አንኮበር አልሄድም ቢል ሳጥኑን ባዶ መተው ይቀናናል፤ ባዶ ሳጥን ግን እንደ 0 ስለሚቆጠር ፕሮግራሙ ሰውየውን በነጻ እንደሚሠራ ቆጥሮ በቀጥታ ወደዚያው ይልከዋል። ስለዚህ እንደ 999 ያለ ትልቅ ቁጥር አስገቡ፤ ድምሩ ከ999 ካለፈ ደግሞ ያንን ሰው ሳያስገድዱ መመደብ አልተቻለም ማለት ነው። የኤክሴል መደበኛ Solver ከ200 የውሳኔ ሳጥኖች በላይ አይቀበልም፤ 14 ሰው በ14 ሣይት 196 ሳጥን ነው፣ 15 ሲሆን 225 ስለሚደርስ አይሠራም።

ሦስተኛው የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ሳይፓይ ከተባለው የስሌት ጥቅል ጋር ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ ዋጋው ለመጫንና ለመልመድ የሚፈጀው ጊዜ ነው።

```python
from scipy.optimize import linear_sum_assignment
c = [[11,11,15,20],[12,14,17,24],
     [12,10,16,16],[17,13,14,17]]
r, k = linear_sum_assignment(c)
print(k, sum(c[i][j] for i, j in zip(r, k)))
```

መልሱ `[1 0 3 2] 53` ነው። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር የመጀመሪያው 1 ሀን ወደ ደብረ ሲና ይልካል እንጂ ወደ ሸኖ አይደለም፤ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግንበኞቹ አምስት ሣይቶቹ አራት ቢሆኑ፣ በወረቀት ላይ ዜሮ የተሞላ ምናባዊ አምስተኛ ሣይት መጨመር ሲኖርባችሁ፣ ፓይተን ግን ሰንጠረዡን እንዳለ ተቀብሎ አንዱን ሰው ያስቀራል። አንድ ግንበኛ ሁለት ሣይት ይያዝ የሚል ፍላጎት ካለ ግን ይህ ትእዛዝ በቀጥታ አይመልሰውም፤ ያኔ ግዴታዎቹን ራሳችሁ የምትጽፉበት ኤክሴል ይሻላል።

ስለዚህ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አራት አምስት ሰው የሚመድብ ተቋራጭ ምንም አይግዛ፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃዋል። በየሳምንቱ አሥር ገደማ ሰው የሚያሰማራ፣ ኮምፒውተርም ያለው ሊብረኦፊስን ይጫን፤ ኤክሴል ቀድሞ ካለው በእሱ ይሥራ። ከ14 በላይ የሚመድብ፣ ወይም ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ደጋግሞ የሚያሰላ ወደ ፓይተን ይሂድ።

ደጋግሞ ማስላት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስቱም ሁለተኛውን ምርጥ ምደባ በራሳቸው አያሳዩም። እሱን ለማግኘት ከተመረጡት አራት ሳጥኖች አንዱን በየተራ 999 እያደረጋችሁ አራት ጊዜ ታሰላላችሁ። በእኛ ሰንጠረዥ የሀን የደብረ ሲና ሳጥን ስትዘጉ 54 ይወጣል፦ ሀ አንኮበር፣ ለ ሸኖ፣ ሐ ደብረ ሲና፣ መ መሐል ሜዳ። ልዩነቱ 1 ሺህ ብር ብቻ ነው። ሐ ለመሐል ሜዳ የተገመተለት 16 ወደ 17 ከፍ ቢል ሁለቱ ምደባዎች እኩል ይሆናሉ፤ 18 ቢሆን ደግሞ ሁለተኛው ይሻላል። ስለዚህ ሰዎቹን ከማሰማራታችሁ በፊት፣ ሐ ለመሐል ሜዳ የጠየቀው ዋጋ የማደሪያውን ጨምሮ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁት።