አልሞቅ ላለ የኤሌክትሪክ ምድጃ፦ ፕሌት፣ ቴርሞስታት ወይስ አዲስ ምድጃ?

ባለ ሁለት ፕሌት ምድጃ አንዱ ጎኑ አልሞቅ ሲል ብዙ ሰው በቀጥታ አዲስ ፕሌት ሊገዛ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው እሱ ነውና። ጥፋቱ ከማዞሪያው ሥር ካለው ቴርሞስታት ወይም ከሽቦው ጫፍ ከሆነ ግን አዲሱም ፕሌት እንደ አሮጌው ቀዝቅዞ ይቀራል። የትኛው መገዛት እንዳለበት በመልቲሜትር ማወቅ ይቻላል፤ ሥራው ሁሉ ምድጃው ከኃይል ተለይቶ የሚከናወን ነው።

እዚህ የማወራው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሶኬት ስለሚሠራው፣ ትልቁ ፕሌት 1500፣ ትንሹ 1000 ዋት ስለሆነው ምድጃ ነው። ከመክፈትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ማዞሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ክብ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ተገልብጦም ይገባል። በዚያን ጊዜ ቴርሞስታቱ የሚያቋርጠው ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ፣ ፌዙን፣ ሳይሆን መመለሻውን፣ ኒውትራሉን፣ ሊሆን ስለሚችል፣ የቀዘቀዘው ፕሌት ጫፍ ላይ 220 ቮልት ሊኖር ይችላል። በቀጥታ ከግድግዳ ሽቦ ጋር የታሰረ ትልቅ ምድጃ ከሆነ ሥራውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉት።

ምድጃው ሲበርድ የታችኛውን ክዳን ይፍቱ፤ የሽቦዎቹን አቀማመጥ ፎቶ ያንሱ፤ ከፕሌቱ ጫፎች ቢያንስ አንዱን ሽቦ ይንቀሉ። ካልነቀሉት መለኪያው በሌላ መንገድ ዞሮ የተሳሳተ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። መልቲሜትሩን 200 ኦም ላይ አድርገው በመጀመሪያ የመለኪያውን ሁለት ዘንጎች እርስ በርስ ያገናኙ፤ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር መታየት አለበት።

የሚጠበቀው ቁጥር ምድጃው ላይ ከተጻፈው ቮልትና ዋት ይሰላል፦ ቮልቱን በራሱ አባዝተው ለዋቱ ያካፍሉ። ለ1500 ዋት በ220 ቮልት 32 ኦም ያህል ይመጣል፤ ዋቱ የተሰጠው በ240 ቮልት ከሆነ ደግሞ ወደ 38። ትንሹ ፕሌት 48 እና ከዚያ በላይ ያሳያል። መለኪያው «OL» ወይም በስተግራ ብቻውን የቆመ 1 ካሳየ በውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ፕሌቱ ይገዛል። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ከፕሌቱ ጫፍ ወደ ብረት አካሉ በከፍተኛው የኦም መደብ ይለኩ። ቁጥር ከታየ ኃይል ወደ አካሉ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ምድጃውን አይሰኩት። ምንም አለመታየቱ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ መልቲሜትር የሚሞክረው በጥቂት ቮልት ብቻ ነው።

አንድ ሁኔታ እንውሰድ። ትልቁ ፕሌት 34 ኦም አሳየ፤ አካሉ ላይ ምንም የለም። ስለዚህ ፕሌቱ አልተበጠሰም። ከዚያ የቴርሞስታቱን አንድ ሽቦ ነቅለን ሁለቱን ጫፎች ለካን፤ ማዞሪያው መጨረሻው ድረስ ተከፍቶም መለኪያው «OL» አለ። ደህና ቢሆን ኖሮ ዜሮ አካባቢ ያሳይ ነበር። የሚገዛው ቴርሞስታት ነው።

አሳሳቹ ሁለቱም ደህና መስለው ፕሌቱ ሲቀዘቅዝ ነው። 1500 ዋት ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ መለኪያው የሚልከው ግን እጅግ ትንሽ ነው። የተቃጠለ መጋጠሚያ ትንሹን አሳልፎ ብዙውን ሊያግድ ይችላል። የጠቆረ ጫፍ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ ወይም የላላ ማያያዣ ካዩ እሱን ሳይቀይሩ አዲስ ቴርሞስታት ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ የላላው ጫፍ አዲሱንም ያቃጥለዋል።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ እኔ ቴርሞስታትና ማያያዣ መቀየርን ሳላመነታ እመርጣለሁ። ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ አምፔሩ ከአሮጌው እንዳያንስ፣ የማዞሪያው ዘንግ ርዝመትና ቅርጽም እንዲመሳሰል ያረጋግጡ። ፕሌት ሲገዙ ደግሞ ስፋቱ፣ ዋቱና የጫፎቹ ብዛት መመሳሰል አለባቸው። ሁለት ጫፍ ባለው ፈንታ አራት ጫፍ ያለው አይገባም፤ እሱ በደረጃ ለሚቀያየር ማብሪያ የተሠራ ነው። ቶሎ ይሞቃል ተብሎ በ1500 ቦታ 2000 ዋት ማስገባትም ሽቦውንና ቴርሞስታቱን ከአቅማቸው በላይ ሊያስጨንቅ ይችላል።

አዲስ ምድጃ የምመክረው ፕሌቱም ቴርሞስታቱም አብረው ሲበላሹ ወይም የውስጥ ሽቦዎቹ ልባስ ደርቆ ሲፈረፈር ነው። ከአሜሪካ የመጣ የ120 ቮልት ምድጃ ከሆነ ግን መለዋወጫ አይፈልጉለት። የ1000 ዋቱ ፕሌት 14 ኦም ገደማ ስለሆነ በ220 ቮልት ከ3300 ዋት በላይ ይስባል፤ አዲስ የተገዛለት ክፍልም ቶሎ ሊቃጠል ይችላል።