መንገዱን አሁን ማስፋት ወይስ ስድስት ወር መቆየት?

ለከተማችን ምክር ቤት፣

ሁለቱን አማራጮች ላነጻጽርላችሁ። አሁኑኑ ይስፋ ከተባለ የድሮዎቹ ሱቆች ፊት ይቆረጣል። «ፊቱ ብቻ ነው» ይባላል። ግን የጣሪያው ወራጅ ያረፈው እዚያው ግድግዳ ላይ ነው፤ እሱ ሲሄድ ሰገነቱም ጣሪያውም አብሮ ይወርዳል። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ስለሆነ የጎረቤቱም ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ በ2016 ዓ.ም. የፈረሱትን ቤቶች ማን መለሳቸው?

ስድስት ወር ብንቆይስ? መጀመሪያ የእያንዳንዱ ሱቅ ልክ ተወስዶ በፕላን ይነሳል። ከዚያ መንገድ ዳር የሚቆሙት መኪኖች ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። ይሄ ብቻውን በአንድ ወገን ሁለት ሜትር ያህል ይለቃል። ባለሱቆቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም፣ እውነት ነው። ይሄ ካልሠራ ደግሞ ማስፋቱን ያኔም ማድረግ ይቻላል። እስከዚያ የማፍረስ ውሉን አትፈርሙ።

የቅርስ ጥበቃ አርክቴክት