የፓተንት ክሌም ወደ ኮሪያኛ፦ ለትርጉም ድርጅት፣ ለፓተንት ተርጓሚ ወይስ ለኮሪያ ጠበቃ?

ፒሲቲ በሚባለው ዓለም አቀፍ መንገድ አመልክቶ ኮሪያ መግባት የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን አንስቶ 31 ወር አለው። ሰነዱ በኮሪያኛ መቅረብ አለበት። ለትርጉሙ ብቻ አንድ ወር ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። ኮሪያ ውስጥ አድራሻ የሌለው አመልካች ደግሞ እዚያ ወኪል ማቆም ግዴታው ነው። ወኪሉ ብዙ ጊዜ «ብዮሊሳ» የሚሉት የፓተንት ጠበቃ ነው። እናም ጠበቃ ልያዝ ወይስ ልተው የሚል ጥያቄ የለም። ጥያቄው ትርጉሙን ማን ይሥራው ነው።

ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው ውልም ማስታወቂያም የሚተረጉም አጠቃላይ የትርጉም ድርጅት ነው። ሁለተኛው ፓተንት ብቻ የሚሠራ ተርጓሚ ነው። ሦስተኛው ወኪሉ ራሱ፣ ማለትም የኮሪያው የጠበቃ ቢሮ ነው። ዋጋቸው በአብዛኛው በዚሁ ቅደም ተከተል ይጨምራል። ልዩነታቸው ግን ዋጋው ላይ አይታይም። ክሌሙ ላይ ነው የሚታየው፤ ክሌም ማለት «ይህ የእኔ ነው» ብለህ ድንበር የምትከልልበት የይገባኛል ዝርዝር ነው።

ምሳሌ እንያዝ። እንግሊዝኛው አራት ክሌም አለው። 1ኛው፦ ሳጥን፣ ሳጥኑ ላይ የተገጠመ ማራገቢያ፣ የማራገቢያውን ፍጥነት እንደ እርጥበቱ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ያካተተ የቡና ማድረቂያ። 2ኛው፦ በክሌም 1 የተጠቀሰው ማድረቂያ ሆኖ፣ ሳጥኑ ክዳን ያለው። 3ኛው፦ በክሌም 1 ወይም 2 የተጠቀሰው ሆኖ፣ ማራገቢያው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ። 4ኛው፦ ከክሌም 1 እስከ 3 በአንዱ የተጠቀሰው ሆኖ፣ ሳጥኑ ጎማ ያለው። ፈጠራውን በዝርዝር በሚያብራራው የማመልከቻው ክፍል፣ በመግለጫው ውስጥ ደግሞ «ሳጥን ማለት ቡናውን የሚይዝ ማንኛውም አካል ነው፣ ጎኑ ክፍት ቢሆንም» የሚል ፍቺ ተጽፏል።

መጀመሪያ «ያካተተ» የሚለውን ቃል እንይ። እንግሊዝኛው ክፍት ቃል ነው። ሌላ ሰው ማሞቂያ ጨምሮ ቢሠራም ከድንበሩ አያመልጥም። በኮሪያኛ የዚህ አቻ «ፖሃምሃኑን» ነው። አጠቃላይ ተርጓሚ ግን ለጆሮ ስለሚጥመው «ኢሩዎጂን» ሊል ይችላል። ይሄኛው «ከእነዚህ የተሠራ» ወደሚለው ያደላል፣ «ከእነዚህ ብቻ» ተብሎም ሊነበብ ይችላል። ማሞቂያ የጨመረው ተፎካካሪ የሚይዘው ክርክር ይቺን ነው።

ቀጥሎ ማራገቢያው። እኛ «ማራገቢያ» ብለን ጀምረን ሁለተኛ ስናነሣው «ማራገቢያው» እንላለን። ኮሪያኛ ይህች «ው» የለችውም፣ እንደ እንግሊዝኛም «a» እና «the» የሚባሉት መስተአምሮች የሉትም። ስለዚህ ክሌም ውስጥ ሁለተኛ የሚመጣ ነገር ሁሉ ፊቱ ላይ «ሳንጊ» ይደረግለታል፤ «ከላይ የተጠቀሰው» ማለት ነው። እሱ ከቀረ ማመልከቻውን የሚያየው የፓተንት ቢሮ መርማሪ ሌላ ማራገቢያ ነው ወይስ ያው ነው ብሎ ይጠይቃል። ለመጀመሪያው መጠቀስ ደግሞ ባዶውን ስም መተው ይበቃል። ጥንቁቅ ነኝ ብሎ «ሃናዬ»፣ ማለትም «አንድ»፣ የጨመረ ተርጓሚ ሁለት ማራገቢያ ያለውን ማሽን ከድንበሩ ውጭ ነው ለሚል ሰው በር ከፈተ።

የቃላት አሰላለፍም አለ፤ ይህን አማርኛ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል። «ወንፊት ያለው ሳጥን ላይ የተገጠመ ማራገቢያ» ብንል ወንፊቱ የማን ነው? የሳጥኑ ወይስ የማራገቢያው? ኮሪያኛም እንደኛ ገላጩን ከስሙ በፊት ያስቀምጣል፣ ግሱንም መጨረሻ ላይ። እንግሊዝኛው ላይ ግልጽ የነበረው ነገር ሲገለበጥ ሊደበዝዝ ይችላል። የፓተንት ተርጓሚ ዓረፍተ ነገሩን ሰብሮ «ሳንጊ ሳጥን ወንፊት አለው» ብሎ ለብቻው ያወጣዋል። አጠቃላዩ ተርጓሚ እንዳለ ይገለብጠዋል።

አሁን 4ኛውን ክሌም። በኮሪያ ሕግ ከአንድ በላይ ክሌም የሚጠቅስ ጥገኛ ክሌም ሌላ ከአንድ በላይ የሚጠቅስ ክሌም ላይ መደገፍ አይችልም። 3ኛው «1 ወይም 2» ስለሚል ሁለት ይጠቅሳል። 4ኛው ደግሞ 3ኛውን ጨምሮ ይጠቅሳል። ይህ ውድቅ ማድረጊያ ምክንያት ነው። ሦስቱ ሰዎች እዚህ ጋ ነው በደንብ የሚለያዩት። አጠቃላይ ድርጅቱ አያየውም፤ አንዳንዴ «1 ወይም 2» የሚለውን «1 እና 2» አድርጎ ሌላ ችግር ይጨምራል፣ ምክንያቱም ብዙ ክሌም ሲጠቀስ በአማራጭ፣ በኮሪያኛው «ወይም» በ«ቶነን»፣ መሆን አለበት። የፓተንት ተርጓሚው እንዳለ ተርጉሞ ጎኑ ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ትክክሉም ይሄ ነው፣ ትርጉም ማሻሻያ አይደለምና። ጠበቃው ደግሞ ያስተካክለዋል፦ 4ኛው «1 ወይም 2» ብቻ ይጠቅሳል፣ ለጎማው በ3ኛው ላይ ብቻ የሚደገፍ አዲስ 5ኛ ክሌም ይጨመራል። ድንበሩ አልተነካም። የምርመራ ክፍያ ግን በክሌም ብዛት ስለሚሰላ የአንድ ክሌም ጭማሪ አለ።

ታዲያ ጠበቃው ሁሉን ይሥራው? እኔ ትንሽ እጠራጠራለሁ። አንዳንድ ቢሮዎች ትርጉሙን ራሳቸው ለውጭ ተርጓሚ ይሰጡታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሳይነግርህ ያስውበዋል። አንድ ጊዜ የኛው ወኪል «ተያያዘ» የሚለውን «ተጣበቀ» በሚል ጠባብ ቃል ተክቶት አገኘን። «ኮሪያኛው እንዲህ ያምራል» አለን። ያምር ይሆናል፣ ገመድ አልባው ሞዴላችን ግን ከክሌሙ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ቢሮ ከመረጥክ ማን እንደሚተረጉምና ለውጥ ሲደረግ በዝርዝር እንደሚጻፍልህ አስቀድመህ ጠይቅ።

የተፈቱ ቃላት ላይ የገዢው ሥራ ቀላል ነው፣ ኮሪያኛ ባታውቅም። «ሳጥን» ክሌም 1 ላይ በአንድ ቃል፣ ክሌም 4 ላይ በሌላ ቃል ከመጣ «ከላይ የተጠቀሰው» የሚለው ከላይ ምንም የለውም። የመግለጫው ፍቺም የሚያገለግለው ለአንዱ ቃል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር አሥራ አምስት ያህል ዋና ቃላት በሁለት ዓምድ እንዲላኩልህ አድርግ። ፋይሉ ሲመጣ የኮሪያኛውን ቃል ከዝርዝሩ ቀድተህ ፈልግ። የኮሪያኛ አያያዦች ቃሉ መጨረሻ ላይ ስለሚለጠፉ ፍለጋው አብዛኛውን ያገኘዋል። ክሌሙ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣ ከእንግሊዝኛው ጋር አወዳድር። የክሌም ቁጥሮቹም በ1፣ 2፣ 3 ስለሚጻፉ በዓይን ይመሳከራሉ።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ሰነዱ ረጅም ከሆነና ጊዜ ካለ ለፓተንት ተርጓሚ ሰጥቼ ክሌሙን ብቻ ጠበቃው እንዲገመግመው እከፍላለሁ። ሰነዱ አጭር ከሆነ ወይም 30ኛው ወር ካለፈ ሁሉን ለጠበቃው ቢሮ፣ ቅድም ባልኩት ቅድመ ሁኔታ። አጠቃላይ ድርጅት የተፎካካሪን ፓተንት አንብቦ ለመረዳት ይበቃል፣ ለማስገባት ግን አልሰጠውም።

«ስህተት ቢኖር በኋላ ይታረማል» የሚል ሻጭም ያጋጥማል። ግማሽ እውነት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2015 መጀመሪያ ወዲህ በገቡ የፒሲቲ ማመልከቻዎች ላይ፣ ምርመራው ሳያልቅ፣ የትርጉም ስህተት በመጀመሪያው ቋንቋ ሰነድ መሠረት ይታረማል። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ ግን ክሌምን የሚያሰፋ እርማት አይፈቀድም። ያቺ «ሃናዬ» እስከዚያ ካልተያዘች እዚያው ትቀራለች።