ክሮስ ዶክ ወይስ ቀጥታ ማድረስ? ፓሌቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ቁጠሩ

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ በተለያየ ቀን ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ሦስቱም ቶሎ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ያከፋፍላሉ። ሦስቱንም የመጋዘን ኪራይ አስመርሯቸዋል። "ክሮስ ዶክ ልግባ ወይስ አቅራቢው በቀጥታ ለሱቆቹ ያድርስልኝ?" ነው ጥያቄያቸው።

መልሴን አላቆይም። ሱቆቻችሁ ትንሽ ትንሽ የሚያዙ ከሆነ፣ አቅራቢዎቻችሁም ከሁለት በላይ ከሆኑ፣ ክሮስ ዶክ ግቡ። ግን እውነተኛው ክሮስ ዶክ ይሁን። እኔ መጀመሪያ የገባሁት የውሸቱ ውስጥ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ከፍዬበታለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደገምበት ብዬ ነው።

ክሮስ ዶክ ማለት ዕቃው በአንድ በኩል ባለው በር ይገባል፣ ወለሉ ላይ በየሱቁ ይለያል፣ በሌላው በር ተጭኖ ይወጣል። መደርደሪያ ላይ አይወጣም። የሚቆየው ለሰዓታት ነው፤ ቢበዛ አንድ ቀን። ቀጥታ ማድረስ ደግሞ የአቅራቢው መኪና ከፋብሪካው ተነስቶ እያንዳንዱ ሱቅ ደጃፍ ይቆማል። በመሀል ማንም የለም።

በወሬ ደረጃ ቀጥታው ርካሽ ይመስላል። መሀል ላይ ያለውን ሰው አውጥተነዋል ብለን እናስባለን። በወረቀት ላይ ስናሰላው ግን ሌላ ነው።

12 ሱቆች አሉን እንበል። ፓሌት የምንለው ካርቶን ተደርድሮበት በአንዴ የሚነሳውን መደብ ነው። እያንዳንዱ ሱቅ በቀን 2 ፓሌት ውሃ፣ 1 ፓሌት ሳሙና፣ 1 ፓሌት ዳይፐር ይፈልጋል። በድምሩ በቀን 48 ፓሌት ነው። አቅራቢዎቹ ሦስት ናቸው። 12 ፓሌት የሚጭን አነስተኛ መኪና የቀን ኪራዩን 100 ብለን እንያዝ፤ ገንዘቡን እናንተ በሰፈራችሁ ዋጋ ተኩት።

በቀጥታ ከሆነ የውሃው 24 ፓሌት ሁለት መኪና ይሞላል። እያንዳንዱ መኪና 6 ሱቅ ይዞራል። የሳሙናው 12 ፓሌት አንድ መኪና ላይ ይገባል፤ ነገር ግን አንድ መኪና በቀን 12 ሱቅ አይጨርስም። ሱቁ ጋ ወረፋ አለ፣ ማውረድ አለ፣ ቆጥሮ መፈራረም አለ። ስድስት ሱቅ ከጨረሰ ጎበዝ ሹፌር ነው። ስለዚህ ሳሙናው ሁለት ግማሽ ባዶ መኪና ይፈልጋል። ዳይፐሩም እንደዚያው። በድምሩ 6 መኪና፣ ዋጋው 600። የሱቆቹ በር ደግሞ በቀን 36 ጊዜ ይንኳኳል።

በክሮስ ዶክ ከሆነ አቅራቢዎቹ የሚሄዱት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ውሃው በአንድ ትልቅ መኪና ይመጣል፤ አንድ ጉዞ ብቻ ስለሆነ 80 እንበለው። ሳሙናውና ዳይፐሩ እያንዳንዳቸው በአንድ ሙሉ አነስተኛ መኪና፣ እነሱም አንድ ጉዞ ብቻ፣ በ40 በ40 እንበል። እስካሁን 160። ከዶኩ ሲወጣ አንድ መኪና የሦስት ሱቆችን ሙሉ ትዕዛዝ ይጭናል፤ ውሃውም፣ ሳሙናውም፣ ዳይፐሩም አብሮ። ሦስት ሱቅ በግማሽ ቀን ስለሚያልቅ ሁለት መኪና ሁለት ሁለት ዙር ሠርተው 48ቱንም ያደርሳሉ። ያ 200 ነው። ትራንስፖርቱ በጠቅላላ 360 ሆነ። ሱቆቹ በር ላይ የሚቆም መኪናም ከ36 ወደ 12 ወረደ።

የቀረው ዶኩ ራሱ የሚያስከፍለው ነው። እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። ከ600 ላይ 360 ሲቀነስ 240 ይተርፋል። ለ48 ፓሌት ሲካፈል ለአንድ ፓሌት 5 ይደርሳል። ዶኩ በፓሌት 3 ካስከፈለ ጠቅላላ ወጪያችሁ 504 ነው፤ አተረፋችሁ። 5 ካስከፈለ እኩል ለእኩል ነው። 6 ካስከፈለ 648 ሆነ፤ በቀጥታ ብታደርሱ ይሻላችሁ ነበር። ይቺን የራሳችሁን "5" ሳታውቁ ውል አትፈርሙ።

ታዲያ ከ3 ወደ 6 እንዴት ይደርሳል? ዋጋው ተጨምሮ አይደለም። ፓሌቱ ሁለት ጊዜ ስለሚነሳ ነው። ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ወደ መውጫው በር ከሄደ አንድ ክፍያ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጦ ኋላ ተነስቶ ከሄደ ሁለት ነው። ተከፍቶ በካርቶን ከተለየማ ሒሳቡ ሌላ ነው።

የእኔ የውሸት ክሮስ ዶክ እንዲህ ነበር። ባለቤቶቹ ውሉ ላይ "ክሮስ ዶክ" ብለው ጽፈዋል። ዋጋቸው በፓሌት ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነበር፤ ያ ነው የሳበኝ። ግቢው ግን ተራ መጋዘን ነው። ዕቃዬ ማታ ይገባል፣ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ጠዋት ይፈለጋል። ደረሰኙ ላይ "ማስገቢያ" አንድ መስመር፣ "ማውጫ" ሌላ መስመር፣ ከዚያ "ከነፃ ሰዓት በላይ ማቆያ" የሚል ሦስተኛ መስመር። ሦስቱ ሲደመሩ ከቀጥታው በለጡ። እኔ ለወራት የማየው የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ነበር።

አሁን አንድ ቦታ ከመግባቴ በፊት የማደርገው ቀላል ነው። መኪኖቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ፣ ቀጠሮ ሳልይዝ እሄዳለሁ። ክሮስ ዶክ ከሆነ ወለሉ ባዶ መሆን አለበት። የመውጫ በሮቹ ፊት የተሰመሩ መስመሮች ይታያሉ፤ በየመስመሩ የሱቅ ወይም የመኪና ቁጥር አለ። ጥግ ላይ አቧራ የያዘ ፓሌት ካየሁ እመለሳለሁ። ቀጥሎ የአንድ ሳምንት የመግቢያና የመውጫ ሰዓት እጠይቃለሁ። ሰዓት የማይመዘግብ ቤት ዕቃው ስንት ሰዓት እንደቆየ አያውቅም፤ ለማያውቀው ሰዓት ግን ያስከፍላችኋል።

ዋጋ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ አቅራቢዎች የሚሰጧችሁ ዋጋ ሱቅ ድረስ ማድረሻን ያካትታል። እናንተ ወደ ክሮስ ዶክ ስትዞሩ አቅራቢው ሱቅ ለሱቅ መዞሩን ያቆማል፤ ዋጋው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ያኔ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ሁለት ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ሱቅ ድረስ ስንት፣ ዶክ ድረስ ስንት። ልዩነቱን ካልቀነሰላችሁ ከላይ የሠራነው ስሌት በሙሉ ፈረሰ ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ አንዱ አቅራቢ ብቻ ነበር ሳልጠይቀው የቀነሰልኝ።

ለቀጥታ ማድረስ የሚሟገቱ ሰዎች "ማከማቻ የሚባል ነገር ጨርሶ የለበትም" ይላሉ። እኔ እዚህ አልስማማም። የሳሙናው አቅራቢ ለ1 ፓሌት ብሎ ሱቅ ደጃፍ አይቆምም። "ቢያንስ 4 ፓሌት እዘዙ" ይላል። ሱቁ በቀን 1 የሚሸጥ ከሆነ መኪናው በአራት ቀን አንዴ ይመጣል፤ የመጨረሻው ፓሌት ሱቁ ጓዳ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ በአራተኛው ይከፈታል። ማከማቻው ከእናንተ መጋዘን ወደ ሱቁ ጓዳ ዞረ እንጂ አልጠፋም። የሱቁ ጓዳ ደግሞ ጠባብ ነው። ፓሌቱ መተላለፊያ ላይ ይቆማል፣ ካርቶኑ ይረገጣል፣ አዲሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ አሮጌው ከኋላ ይረሳል። በክሮስ ዶክ ሳሙናው ብቻውን አይመጣም። ከውሃውና ከዳይፐሩ ጋር ስለሚጫን 1 ፓሌት በየቀኑ ማምጣት ያዋጣል።

ቀጥታው የሚያሸንፍበት ቦታ ግን አለ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። አንድ ሱቅ የአንድ አቅራቢ ዕቃ ብቻውን መኪና የሚሞላ ወይም ሊሞላ የደረሰ ከሆነ፣ ዶክ ላይ ማራገፍ ምንም አይጨምርለትም። በቀን 12 ፓሌት ውሃ የሚወስድ ሱቅ ካላችሁ መኪናው ዶኩን አልፎ ይሂድ። እንደዚሁም የአቅራቢው ሠራተኛ ራሱ መደርደሪያውን የሚሞላና ጊዜው ያለፈበትን የሚመልስ ከሆነ፣ ያንን ሥራ ዶክ አይሠራላችሁም።

ክሮስ ዶክ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ሥራው የሚጀምረው አቅራቢው ጋ ነው። ፓሌቱ ፋብሪካው ውስጥ በሱቅ ተለይቶ፣ የሱቁ ቁጥርና ባርኮድ ተለጥፎበት መምጣት አለበት። መኪናው ከመድረሱ በፊትም ምን እንደጫነ ዝርዝሩ ይላክ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ፓሌቱ ወለል ላይ ተቀምጦ "የማነው?" እየተባለ ይጠበቃል። ሁለተኛው ማንሳት የሚመጣው ከዚህ ነው።

መለያው ላይ አትሰስቱ። አንዱ አቅራቢያችን ለመቆጠብ ብሎ ያለ ቀለም በሙቀት ብቻ የሚታተመውን ወረቀት ይጠቀም ነበር፤ ያውም ርካሹን። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ወረቀቱ ጠቆረ። ስካነሩ ማንበብ አቃተው፤ 12 ፓሌት በእጅ ተለየ። ያ መኪና ከሁለት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ወጣ። በቀለም ሪባን የሚታተመው ትንሽ ይወደዳል፤ ሙቀት ግን እንደዚያ አያበላሸውም።

ፓሌት የሚነሳበት በእጅ የሚገፋው ሃንድ ፓሌትም እንዲሁ ነው። ዶኩ የራሱን ዕቃ የሚጠቀም ቢሆንም እዩለት። ርካሹ አስመስሎ የተሠራው ሲጭን ያነሳል፤ ከዚያ በሃይድሮሊኩ ማሸጊያ ጎማ በኩል ዘይት እያፈሰሰ ቀስ እያለ ይወርዳል። ለሙከራ የተጫነ ፓሌት አንስታችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ሹካው ዝቅ ካለ ዘይት ያፈሳል። እኛ ማሸጊያ ጎማውን ብቻ ቀይረን ነበር፤ ሲሊንደሩ ውስጡ ስለተጫረ በሁለት ሳምንት ተመልሶ ማፍሰስ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ካሠራን በኋላ አዲስ ገዛን።

ትልቁ አደጋ የሚዘገይ መኪና ነው። የሚወጣው መኪና ሦስቱንም ዕቃ ስለሚጠብቅ አንዱ አቅራቢ ሲዘገይ 12ቱም ሱቅ ይዘገያል። ቀጥታ ላይ ይህ የለም፤ ሳሙናው ቢዘገይ ውሃው ይደርሳል። እኛ ያበጀነው መላ የመግቢያ ሰዓት ነው። መግቢያው ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት፣ መውጫው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። ያልደረሰ አቅራቢ ሳይጠበቅ መኪናው ይሄዳል፤ ዕቃው በነገታው ይጫናል፣ የማቆያውን ክፍያ አቅራቢው ይችላል። ይህ ውሉ ላይ ከገባ በኋላ መዘግየቱ በጣም ቀነሰ።

ሦስተኛዋ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ስሌቷን ይዛ መጣች። የእሷ "5" 4 ሆኖ ወጣ፤ ያገኘችው ዶክ 3.5 ይጠይቃታል፣ ያውም ማቆያውን ሳይጨምር። ሁለት ትልልቅ ሱቆቿ ውሃ በሙሉ መኪና ስለሚወስዱ እነሱን በቀጥታ አስቀረች። የቀሩትን ዶኩ ጋ ልትሞክር ነው፤ ለሦስት ወር ብቻ፣ እያንዳንዱ ፓሌት ስንት ሰዓት እንደገባና እንደወጣ በየሳምንቱ ተጽፎ እንዲሰጣት ተስማምታ።