የካፓሲተር ፓኔል በብረታ ብረት ወርክሾፕ፦ ከዓመት በላይ ከሠራንበት በኋላ

ቃሊቲ አካባቢ ባለው የብረታ ብረት ወርክሾፓችን ባለ አራት ደረጃ አውቶማቲክ የፓወር ፋክተር ማስተካከያ ፓኔል ከተሰቀለ ዓመት አልፎታል። ብዙ ሰው «የካፓሲተር ሳጥን» ይለዋል። ተመሳሳይ ፓኔሎች በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጡ ስለ ምርት ስሙ አልጨነቅም። የምጽፈው ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራና ዓመት ሲሞላው የት የት እንደሚደክም ነው።

የገዛነው በብሬከር ምክንያት ነው። ዋናው ብሬከራችን ባለ ሦስት ፌዝ 63 አምፔር ነው። ሁለቱ ቶርኖዎች፣ ፍሬዛው፣ መጋዙ፣ ኮምፕሬሰሩና ሁለቱ የድሮ ባለ ትራንስፎርመር ብየዳ ማሽኖች አንድ ላይ ሲሠሩ መስመሩ ላይ 58 አምፔር ገደማ ይነበባል። አንድ ተጨማሪ ሞተር ከተነሣ ብሬከሩ ይወርዳል። ግራ የሚያጋባው ግን በዚያው ሰዓት ቆጣሪው የሚያሳየው 24 ኪሎዋት ብቻ መሆኑ ነው። በ380 ቮልት 63 አምፔር እስከ 41 ኪሎዋት መሸከም ይችላል፤ ታዲያ ቀሪው የት ሄደ?

የኃይል መለኪያ ተከራይተን በዋናው መስመር ላይ ስናስር መልሱ ተገኘ። እውነተኛው ኃይል 24 ኪሎዋት፣ አጠቃላይ የሚታየው ኃይል ግን 38 ኪሎቮልት-አምፔር፣ በተለምዶ ኬቪኤ የምንለው፣ ሆኖ ተገኘ። 24 ለ38 ሲካፈል 0.63 ይሆናል፤ የወርክሾፑ ፓወር ፋክተር ይኸው ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሞተሮቹ ነው። ሞተር ለመዞር መጀመሪያ በውስጡ መግነጢሳዊ መስክ መፍጠር አለበት። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ይህ መስክ በሰከንድ 100 ጊዜ ይገነባል፣ 100 ጊዜም ይፈርሳል። ሲገነባ ከመስመሩ ኃይል ይወስዳል፤ ሲፈርስ ያንኑ ኃይል መልሶ ወደ መስመሩ ይልካል። በድምሩ የበላው ነገር ስለሌለ የኪሎዋት-ሰዓት ቆጣሪው አይቆጥረውም። ሽቦው ግን ሲሄድም ሲመለስም ከረንቱን ተሸክሟል። ብሬከሩም የሚሞቀው በከረንቱ መጠን እንጂ ከረንቱ በሠራው ሥራ አይደለም። ትራንስፎርመርና ጀነሬተር በኪሎዋት ሳይሆን በኬቪኤ የሚለኩትም ለዚህ ነው።

ይህ ተመላላሽ ኃይል በኬቫር ይለካል። እኛ ጋ 29.5 ኬቫር ነበር። 24 እና 29.5 ሲደመሩ 53.5 እንጂ 38 አይሆኑም የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ በቀጥታ አይደመሩም። ለመስኩ የሚሄደው ከረንት ሥራ ከሚሠራው ከረንት በሩብ ዑደት ወደኋላ ስለሚዘገይ፣ የሚደመሩት እንደ ቀኝ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሁለት ጎኖች ነው። የ24 ካሬ እና የ29.5 ካሬ ድምር የ38 ካሬን ያህላል።

በጣም የገረመኝ ሥራ ፈት የሚዞር ማሽን ነው። የአንዱ ቶርኖ ሞተር 5.5 ኪሎዋት ነው። ብረት ሳይቆርጥ ባዶውን ሲዞር 5 አምፔር ይስባል፤ ይህ 3.3 ኬቪኤ ነው። የሚበላው እውነተኛ ኃይል ግን ግማሽ ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። መስኩ ሞተሩ ብረት ቢቆርጥም ባዶውን ቢዞርም ያው ነው። ስለዚህ ከሥራው በላይ ትልቅ ሞተር የተገጠመለት ወይም ማሽን አስነሥቶ የሚተው ወርክሾፕ ፓወር ፋክተሩ ይወድቃል። የድሮዎቹ የብየዳ ትራንስፎርመሮችም በዚህ ረገድ ከሞተር ይብሳሉ እንጂ አይሻሉም።

ካፓሲተር የሚሠራው ሞተሩ ሲመልስ ተቀብሎ፣ ሞተሩ ሲፈልግ በመስጠት ነው። መመላለሱ አይቀርም፤ በሳጥኑና በማሽኖቹ መካከል ብቻ ይሆናል እንጂ በዋናው ኬብል በኩል አያልፍም።

የመጠኑ ስሌት ቀላል ቢሆንም አንድ ወጥመድ አለው። ከ0.63 ወደ 0.95 ለመድረስ ከ29.5 ኬቫር ውስጥ 21.6 ያህሉን ማንሳት ያስፈልገን ነበር። ሻጩ «25 ኬቫር ይበቃል» አለን፤ ካፓሲተሮቹ ላይ ግን የተጻፈው ቮልቴጅ 440 ነበር። የካፓሲተር ኬቫር ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይሄዳል። በ440 ቮልት 25 ኬቫር የሆነ ካፓሲተር በእኛ 380 ቮልት 18.6 ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ 30 ኬቫር የተጻፈበትን ወሰድን፤ በእኛ መስመር 22.4 ይሆናል። ደረጃዎቹ 5፣ 5፣ 10 እና 10 ናቸው፤ መቆጣጠሪያው እንደ ጭነቱ እያፈራረቀ ያስገባቸዋል። ባለ 440 ቮልቱ ለቮልቴጅ መዋዠቅ ስለሚበረታ ምርጫው ጥሩ ነው፤ ሒሳቡን በእኛው ቮልቴጅ ማስላት ግን ግድ ነው።

ሳጥኑ እንደተገጠመ ወዲያው ትክክል አልሠራም። መቆጣጠሪያው የዋናውን መስመር ከረንት የሚያየው ሽቦው ላይ በሚታሰር ቀለበት መሳይ የከረንት ትራንስፎርመር ነው። የገጠመልን ባለሙያ ቀለበቱን ወደ ማሽኖቹ በሚሄደው በኩል፣ ከካፓሲተሩ መገንጠያ በኋላ አሰረው። እዚያ ላይ ሆኖ መቆጣጠሪያው የሚያየው የማሽኖቹን ከረንት ብቻ ነው፤ ራሱ ያስገባውን ካፓሲተር አያይም። ምልክቱ ግልጽ ነበር፦ አራቱም ደረጃዎች ገብተው እንኳ ስክሪኑ 0.63 እንዳለ ቀረ። በምሳ ሰዓት አንድ ቶርኖ ባዶውን ሲዞር ደግሞ ዋናው መስመር ላይ 29 አምፔር አነበብን፤ 22.4 ኬቫር ካፓሲተር ሥራ አጥቶ ኃይሉን ወደ መስመሩ እየመለሰ ነበር። ቀለበቱ ከመገንጠያው በፊት፣ ወደ ቆጣሪው በኩል ሲዛወር ሁሉም ተስተካከለ። ቀለበቱ በየትኛው ፌዝ ላይ እንደሚታሰርና መቆጣጠሪያው ቮልቴጁን ከየትኞቹ ፌዞች እንደሚወስድ በመመሪያው ሥዕል ላይ አለ፤ ያ ከተዛባም ንባቡ ትርጉም የለውም።

ከዚያ ወዲህ በሙሉ ሥራ ሰዓት ዋናው መስመር 38 አምፔር ነው። ኪሎዋቱ ያው 24 ሲሆን፣ ኬቪኤው ከ38 ወደ 25 ወርዷል፤ ፓወር ፋክተሩ 0.96 ገደማ ነው። በተገኘው ቦታ 7.5 ኪሎዋት ሞተር ያለው ሁለተኛ ኮምፕሬሰር አስገባን። ብሬከርም ኬብልም አልቀየርንም፣ ተጨማሪ ኃይልም አላመለከትንም። ለእኔ የሳጥኑ ዋጋ የወጣው እዚህ ላይ ነው።

በኤሌክትሪክ ቢሉ ላይ ግን የጠበቃችሁትን አታገኙም፤ ሻጮች «ሠላሳ በመቶ ይቀንሳል» ሲሉ አትመኑ። ከሳጥኑ ወዲህ በእኛ ቆጣሪ የሚቀንሰው በኬብሉ ላይ በሙቀት የሚጠፋው ብቻ ነው። ከቆጣሪው እስከ ፓኔሉ 60 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል አለን። በ58 አምፔር ወደ 690 ዋት በሙቀት ይጠፋ ነበር፤ በ38 አምፔር ወደ 300 ዋት ወርዷል። ከ24 ኪሎዋት አንጻር ይህ ሁለት በመቶ አይሞላም። ቢሉ በኬቪኤ ወይም በፓወር ፋክተር ቅጣት የሚሰላ ደንበኛ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ውላችሁንና ቢላችሁን አንብቡ። ሶኬት ላይ የሚሰኩት «የመብራት ቆጣቢ» የሚባሉ ትንንሽ ሳጥኖች ደግሞ ውስጣቸው ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ኪሎዋት-ሰዓትን ስለሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አሁን ወደ ድካሙ። መጀመሪያ የተጎዳው ኮንታክተር ነው። ካፓሲተር በሚገናኝበት ቅጽበት እጅግ ከፍተኛ ከረንት ይስባል፤ ስለዚህ ኮንታክተሩ ቀድመው የሚገናኙ ረዳት ጫፎችና ከረንቱን የሚገቱ ቀጫጭን የሬዚስተር ሽቦዎች ያሉት ለካፓሲተር የተሠራ ዓይነት መሆን አለበት። የእኛም እንዲህ ያለ ነው፤ ነገር ግን ብየዳው ጭነቱን በየሰከንዱ ስለሚለዋውጠው መቆጣጠሪያው ደረጃዎቹን ያለ ዕረፍት ያስገባና ያወጣ ነበር። የአንዱ ኮንታክተር የሬዚስተር ሽቦዎች ጠቁረው ተበጠሱ። ኮንታክተሩን ቀይረን መቆጣጠሪያው ደረጃ ከማስገባቱና ከማውጣቱ በፊት የሚጠብቀውን የመቆያ ጊዜ ወደ 60 ሰከንድ ከፍ ካደረግን በኋላ ጩኸቱም ጉዳቱም ቆሟል። ብየዳ ያለበት ወርክሾፕ ከመጀመሪያው ቀን ይህን ያስተካክል።

ሁለተኛው ካፓሲተሩ ራሱ ነው። በክላምፕ ሜትር የእያንዳንዱን ደረጃ ሽቦዎች በየጊዜው እለካለሁ። ባለ 10 ኬቫሩ ጤነኛ ሲሆን በ380 ቮልት በሦስቱም ሽቦዎች 11.3 አምፔር ያሳያል። ከጥቂት ወራት በፊት አንዱ በሁለት ሽቦዎች ከ9 በታች ወርዶ በሦስተኛው 11 ላይ ቀረ። በውስጡ ሦስት ክፍሎች በዴልታ፣ ማለትም እያንዳንዱ በሁለት ሽቦዎች መካከል ሆኖ፣ ስለታሰሩ፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ሲወርድ በእነዚያ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍል አቅሙን እያጣ ነው ማለት ነው፤ የእኛው ወደ ግማሽ ደርሶ ነበር። ስክሪኑ ይህን አይናገርም፤ ሌሎቹ ደረጃዎች እያካካሱ ፓወር ፋክተሩ ደህና ይመስላል። ምክንያቱ ሙቀት ሳይሆን አይቀርም፤ የግራይንደሩ አቧራ የማራገቢያውን ማጣሪያ ደፍኖት ነበር። ክዳኑ ወደ ላይ ያበጠ ካፓሲተር ከታየ ግን መለካት ሳያስፈልግ ይወጣል። ሳጥኑን ስትከፍቱ ዋናውን አጥፍታችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ጫፎቹንም በሜትር ሳትለኩ አትንኩ፤ ከመስመር የተለየ ካፓሲተር ቻርጁን ይዞ ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ የምንጠቀመው 40 ኬቪኤ ጀነሬተር አለን። በእሱ ስንሠራ የካፓሲተር ሳጥኑ ከመስመር እንዲወጣ አድርገናል። በጀነሬተር ላይ ከጭነቱ በላይ ካፓሲተር ከገባ ቮልቴጁ ከጀነሬተሩ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ እጅ ወጥቶ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ለዚያ ብዬ ሞተሮቼን አላጋልጥም።

ጎረቤታችን ያሉት ማሽኖች አብዛኞቹ ኢንቨርተር ብየዳና በድራይቭ የሚሠሩ ሞተሮች ናቸው፤ ይህንኑ ሳጥን ሊገዛ ሲነሣ ከልክዬዋለሁ። የእነዚህ ማሽኖች ኬቪኤ ከኪሎዋታቸው የሚበልጠው ከረንቱ ስለዘገየ ሳይሆን፣ ቅርጹ ስለተቆራረጠና ሃርሞኒክ በሚባሉ ከ50 ኸርዝ በላይ በሆኑ ተደራቢ ሞገዶች ስለተሞላ ነው። ካፓሲተር የዘገየውን እንጂ የተቆራረጠውን አይጠግንም። እንዲያውም ከትራንስፎርመሩ ጋር ገጥሞ አንዱን ሃርሞኒክ ሊያጎላውና ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ለእሱ የሚሆነው በየካፓሲተሩ ፊት ሪአክተር የሚባል የሽቦ ጥቅል የተገጠመለት ዓይነት ወይም የሃርሞኒክ ማጣሪያ ነው፤ ከመግዛቱም በፊት ሃርሞኒክ በሚያሳይ መለኪያ መስመሩን ማስለካት አለበት።