ስምንት ወር ከአንድ ትንሽ ራውተር ጋር፦ ለገጣፎ ያለውን የግቢያችንን ኔትወርክ እንዴት እንደሸነሸንኩት

አንድ ቅዳሜ ማታ ሳሎን ያለው ፕሪንተራችን ማንም ሳይነካው ተነሳና 14 ገጽ አተመ። የስምንተኛ ክፍል የባዮሎጂ አሳይመንት ነው። እኛ ቤት ደግሞ ስምንተኛ ክፍል የሚማር ልጅ የለም። ለካ ሰርቪስ ቤት ካሉት ተከራዮቻችን የአንዱ ልጅ ከስልኩ ሊያትም ሲሞክር የታየው የእኛ ፕሪንተር ነው። በማግስቱ መጣና "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ወረቀቱን ልውሰደው?" አለኝ። ሰጠሁት። እኔን ያሳሰበኝ ወረቀቱ አይደለም። ፕሪንተሩ ከታየው የካሜራው መቅረጫም ይታየዋል ማለት ነው።

ይሄን ራውተር የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። መርካቶ ነው ያገኘሁት፣ ያገለገለ ነው። አምስት የገመድ ቀዳዳ አለው። ዋይፋይ የለውም። ከብዙዎቹ የቤት ራውተሮች የሚለየው እያንዳንዱን ቀዳዳ ለብቻው ኔትወርክ ማድረግ መቻሉ ነው። አንደኛው ቀዳዳ ላይ የኢንተርኔት አቅራቢው ሳጥን ተሰካ። ሁለተኛው ለቤታችን፣ ሦስተኛው ለተከራዮች፣ አራተኛው ለካሜራዎቹ ሆነ። አምስተኛው ባዶ ነው። ለዋይፋይ ሁለት አሮጌ ሳጥኖች ነበሩኝ፤ አድራሻ እንዳያድሉ ዲኤችሲፒያቸውን አጥፍቼ አንዱን ለእኛ፣ ሌላውን ለተከራዮች አደረግኩ።

ስለ እቃው ቶሎ ልናገርና ወደ ዋናው ነገር ልለፍ። በስምንት ወር ውስጥ መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋ አልቆጠርኩም። አንድ ጊዜም ቢሆን ያስገባሁትን ነገር አልረሳም። አይግልም። አዳፕተሩ ግን የላላ ነው፤ ድመቷ ገመዱን ስትነካው ሁሉም ይጠፋል። በፕላስተር አስሬዋለሁ።

ያስቸገረኝ ሲጀመር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ አድራሻ ስጠኝ ይላል፤ ከአድራሻው ጎን ደግሞ ሳብኔት ማስክ። እኔ እስከዚያ ቀን ማስክ ማለት ሁሌ 255.255.255.0 ተብሎ የሚሞላ ነገር ነበር የሚመስለኝ።

የአቅራቢው ሳጥን 192.168.1 የሚጀምረውን ክልል ይዞታል። ያንኑ ከውስጥ ብደግመው ራውተሩ የቱ ውጭ የቱ ውስጥ እንደሆነ ይምታታበታል። ስለዚህ 192.168.10 የሚጀምረውን መረጥኩ። በማስክ 255.255.255.0 ይሄ ክልል ከ0 እስከ 255፣ 256 አድራሻ ያለው አንድ ሰፊ መሬት ነው። ማስኩ ደግሞ የሽንሸናው ችካል ነው። ከአድራሻው የትኛው ድረስ "ሰፈር" እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ "የቤት ቁጥር" እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። 255 ያለበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ሰፈር ነው። 0 ያለበት ሙሉ በሙሉ የቤት ቁጥር ነው። በመሀል ያለ ቁጥር ካለ መሬቱ ተቆርጧል።

እኔ ለአራት ልከፍለው አሰብኩ። በመጀመሪያ ግን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ እንደ ልቤ ልቆርጠው ሞከርኩ። ለካሜራ 56 አድራሻ ይበቃል አልኩና ማስኩን 255.255.255.200 ብዬ ጻፍኩ። ራውተሩ አልቀበልም አለ። ልክ ነበር። የማስክ ቁጥር በኮምፒውተሩ ዓይን ስምንት የ1 እና የ0 ረድፍ ነው። 1ዎቹ ሁሉ ከግራ በኩል ይሰለፋሉ፤ አንዴ 0 ከመጣ በኋላ ወደ 1 መመለስ አይችልም። 200 ሲጻፍ 11001000 ነው፤ መሀሉ ላይ ተመልሷል። 192 ግን 11000000 ነው። ንጹህ ነው። ለዚህ ነው የመጨረሻው ቁጥር 0፣ 128፣ 192፣ 224፣ 240 እያለ ብቻ የሚሄደው፤ የሽንሽኑ ስፋትም ሁልጊዜ እጥፍ ወይም ግማሽ እየሆነ ነው የሚመጣው።

ስፋቱን ለማወቅ ረድፉን መጻፍ አያስፈልግም። ከ256 ላይ የማስኩን የመጨረሻ ቁጥር ቀንስ። 256 ሲቀነስ 192፣ 64። በቃ፣ እያንዳንዱ ሽንሽን 64 አድራሻ ነው፤ የሚጀምሩትም በ0፣ በ64፣ በ128 እና በ192 ነው። ወረቀት ላይ ያወጣሁት ይሄ ነው፦

```
ቤት      192.168.10.0   - 63    ራውተር .1
ተከራይ    192.168.10.64  - 127   ራውተር .65
ካሜራ     192.168.10.128 - 191   ራውተር .129
ትርፍ     192.168.10.192 - 255
ማስክ     255.255.255.192
```

ከእያንዳንዱ ሽንሽን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለእቃ አይሰጥም። የመጀመሪያው የሰፈሩ መጠሪያ ነው፤ የመጨረሻው በሰፈሩ ላሉት ሁሉ አንድ ላይ የሚጮህበት ነው። አንዱን ደግሞ ራውተሩ ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ከ64ቱ ለእቃዎች የሚተርፈው 61 ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ማስክ ለብቻው አጥር አይደለም። ሁሉም አንድ የገመድ ማከፋፈያ ስዊች ላይ ወይም አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ፣ ተከራዩ ስልኩ ላይ አድራሻውን በእጁ ቀይሮ እኛ ሰፈር መግባት ይችላል። የለየን የተለያየ ቀዳዳ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ራውተሩ ሥራው ማገናኘት ነው፤ ካልከለከልከው ሰፈሮቹን እርስ በርስ ያገናኛል። ፋየርዎሉ ላይ ከተከራይ ወደ ቤትና ወደ ካሜራ አይለፍ ብዬ ጻፍኩ። ከቤት ወደ ካሜራ ይለፍ አልኩ።

ተከራዮቹ ለምን እንኳን አላሉም፤ ኢንተርኔቱ ይሠራላቸዋል፣ ፕሪንተሩ አይታያቸውም። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ባለቤቴ "መርካቶ ሆኜ በስልኬ ግቢውን አየዋለሁ፣ እዚሁ ቤት ላፕቶፑ ላይ ሲሆን አይከፈትም፤ ምን አድርገኸው ነው?" አለች።

እውነቷን ነው። ላፕቶፑ ላይ የመቅረጫውን አድራሻ 192.168.10.130 ብዬ ስጽፍ ዝም ይላል። ፒንግ ሳደርገው፣ ማለትም "አለህ ወይ?" ብዬ ስጠራው፣ `Request timed out` ነው። ጥፋቱ የፋየርዎሉ መሰለኝ። ሁለት ማታ እሱን ስነቅልና ስተክል አለቀ። ጥፋቱ ግን እዚያ አልነበረም።

ካሜራውን የገጠመልን ልጅ ጋ ደወልኩ። "መቅረጫው ላይ ማስኩን ስንት አድርገኸው ነበር?" አልኩት። "255.255.255.0 ነዋ ጋሼ፣ ሁሌም እሱን ነው የምንሞላው" አለኝ። ሁሉም ነገር እዚያች መልስ ውስጥ ነበረ።

የሆነውን ቀስ ብለን እንየው። የእኔ ላፕቶፕ 192.168.10.20 ነው፤ ማስኩ 192 ነው። 130ን ሲያይ "ይሄ ከ0 እስከ 63 ውስጥ የለም፣ ሌላ ሰፈር ነው" ይላል። መልእክቱን ለራውተሩ ይሰጠዋል። ራውተሩ ለመቅረጫው ያደርሰዋል። እስከዚህ ሰላም ነው። አሁን መቅረጫው መልስ ሊሰጥ ነው። የእሱ ማስክ ግን 0 ነው። ለእሱ ከ0 እስከ 255 ያለው ሁሉ አንድ ሰፈር ነው። 20ን ሲያይ "ይሄማ ጎረቤቴ ነው" ይላል። ለጎረቤት በራውተር አይላክም፤ በቀጥታ ይጠራል። ስለዚህ በራሱ ገመድ ላይ "20 ማነው?" ብሎ ይጮሃል። 20 ግን ያለው ሌላ ቀዳዳ ላይ ነው። ጩኸቱ አይደርሰውም። መልሱ እዚያው ቀረ።

መርካቶ ሲኮን የሚሠራውስ? የኢንተርኔት አድራሻ በየትኛውም ማስክ ቢታይ ከሰፈር ውጭ ነው። መቅረጫው ያለ ጥርጥር ወደ ራውተሩ ይልከዋል። ስለዚህ ከሩቅ ይሠራል፣ ከቅርብ አይሠራም። እንዲህ ዓይነት ነገር ከገጠመህ፣ ኢንተርኔት እያለ ሌላ ሰፈር ያለው እቃ ብቻ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ ማስኩን እይ።

ለማረጋገጥ ላፕቶፑን ይዤ ካሜራዎቹ የተሰኩበት ስዊች ጋ ሄድኩ። ውሃ ታንከሩ ሥር ነው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ። አድራሻውን 192.168.10.140፣ ማስኩን ልክ እንደ መቅረጫው ስህተት 255.255.255.0 አድርጌ ሰጠሁት። ቤት ያለውን ፕሪንተር፣ 192.168.10.21ን፣ ፒንግ አደረግኩ።

```
Reply from 192.168.10.140: Destination host unreachable.
```

መልስ የሰጠው 140 ነው፤ ማለትም ላፕቶፑ ራሱ ነው። "ጎረቤቴን ጠራሁት፣ የለም" እያለ ነው። ቀደም ሲል ከቤት ሆኜ ያየሁት `Request timed out` ደግሞ "ልኬያለሁ፣ መልስ ግን አልመጣም" ነበር። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማንበብ ቢገባኝ ኖሮ ሁለቱ ማታ ባልባከነ። ላፕቶፑ ላይ ማስኩን ወደ 255.255.255.192 ቀየርኩት፤ ፕሪንተሩ ወዲያው መለሰ። መቅረጫው ላይም እንዲሁ አስተካከልኩ። ባለቤቴ ሳሎን ሆና "መጣ!" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ችግር ብቻ ነው። አንዷ ተከራያችን ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ግቢው በእንግዳ ሞላ። ከሰዓት በኋላ የመጡት ስልካቸው ዋይፋዩን ይይዛል፣ ግን አድራሻ አያገኝም። 61ዱ አልቋል። ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አድራሻም ለ24 ሰዓት ተይዞ ይቆያል። የመጀመሪያ ሐሳቤ የተከራዩን ሽንሽን ከካሜራው ጋር አዋህጄ ማስፋት ነበር። አይሆንም። 128 አድራሻ ያለው ሽንሽን የሚጀምረው በ0 ወይም በ128 ነው፤ በ64 አይጀምርም። የተከራዩ 64 እስከ 127 ሊዋሃድ የሚችለው ከእኛ ከቤቱ ጋር ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወደ ፕሪንተሩ ታሪክ መመለስ ነው። ያለው አማራጭ ካሜራውን ወደ 64 አውርዶ ከ128 በላይ ያለውን በሙሉ በማስክ 255.255.255.128 ለተከራይ መስጠት ነው። የካሜራዎቹን አድራሻ አንድ በአንድ መቀየር ሰነፍኩ። ዲኤችሲፒው አድራሻ የሚያከራይበትን ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት አሳጠርኩት። ከዚያ ወዲህ አልሞላም። እንደገና የምጀምር ብሆን ግን ሰው የሚበዛበትን ሰፈር ከላይኛው ግማሽ ላይ ነበር የማስቀምጠው።

ይሄን ራውተር እኔም ልግዛ ወይ ብትለኝ፣ አዎ፣ ዋይፋይ የሚሰጥ ሌላ ሳጥን ካለህ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ገጹ መጀመሪያ ያስጨንቃል። ከሁሉ የማልወድለት ግን በእጅ አድራሻ የተሞላ እቃ ማስኩ ሲሳሳት ምንም አለማለቱ ነው፤ ማስኩ የሚቀመጠው እቃው ላይ ስለሆነ ራውተሩ አያየውም። ስለዚህ መቅረጫው ጀርባ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ 130፣ 192፣ 129። የካሜራው ልጅ ባለፈው ሊጠግን መጥቶ አነበበውና "ይሄ የምን ስልክ ቁጥር ነው ጋሼ?" አለኝ።